ያልተሸጠው ሩዝ ኪሳራ የማን ነው?

በንግድ ትምህርት ፈተና ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ፍራንቻይዝ ለሰጪውና ለተቀባዩ ያለውን ጥቅምና ጉዳት አብራራ።» አብዛኛው ተማሪ ገጹን ለሁለት ይከፍልና ይደረድራል። ሰጪው በሌላ ሰው ገንዘብ ይስፋፋል፣ ተቀባዩ የታወቀ ስም ያገኛል፣ ሰጪው ቁጥጥሩ ይላላበታል፣ ተቀባዩ ሮያሊቲ ይከፍላል። አንዱም ስህተት አይደለም። ነገር ግን ዝርዝሩ እዚያው ከቆመ ሁለቱ ወገኖች ለምን እንደሚጋጩ አይነግረንም። የእኔ መልስ አንድ መከራከሪያ አለው፦ በፍራንቻይዝ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ የሚለየው፣ ገንዘቡ የትኛው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ነው የሚካፈለው የሚለው የውሉ አንቀጽ ነው። ከክፍፍሉ በፊት የሚቀነሰውን ወጪ ሁለቱም ይሸከሙታል፤ ከክፍፍሉ በኋላ የሚመጣው ግን በተቀባዩ ጫንቃ ላይ ብቻ ይወድቃል።

ይህን አጥርቶ የሚያሳየው የጃፓኑ የሱቆች ሰንሰለት ሰቨን ኢሌቨን ነው። ኢቶ ዮካዶ የተባለ የጃፓን የችርቻሮ ድርጅት በ1973 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሳውዝላንድ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የሰቨን ኢሌቨንን ስምና አሠራር ለመጠቀም ተዋዋለ። የመጀመሪያው ሱቅ በግንቦት 1974 ቶኪዮ ውስጥ ቶዮሱ በሚባል ሰፈር ተከፈተ። የከፈተውም ኩባንያው ራሱ ሳይሆን በቦታው የቤተሰቡን የመጠጥ መሸጫ ይዞ የነበረ ወጣት ነጋዴ ነበር።

ሁለቱም ወገኖች በዚያ ሱቅ ያገኙት ጥቅም እውነተኛ ነው። ኩባንያው ቦታ መግዛት ሳያስፈልገው፣ ሰፈሩን የሚያውቅና ሱቁን እንደ ራሱ ንብረት የሚጠብቅ ባለቤት አገኘ። ደሞዝተኛ ሥራ አስኪያጅ እንዲህ እንዲተጋ ለማድረግ ከባድ ነው። ወጣቱ በበኩሉ ከስሙ በላይ ያገኘው የአቅርቦት ጉልበት ነበር። ጅምላ ሻጮች ዕቃ የሚያቀርቡት በብዛት በመሆኑ የሱቁ ጓዳ ባልተሸጠ ሸቀጥ ተጣበበ። አንድ ተራ ባለሱቅ ጥቂት ጥቂት አምጡልኝ ብሎ ጅምላ ሻጭን ማሳመን አይችልም። ኩባንያው ግን ተከራክሮ አሠራሩን አስለወጠ፤ ዕቃም በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት ጀመረ። ሱቆቹ በአንድ አካባቢ ተጠጋግተው ሲከፈቱ ደግሞ አንድ መኪና ብዙዎቹን በአንድ ጉዞ ስለሚያዳርስ የማመላለሻው ወጪ ወረደ።

እዚሁ ላይ ጉዳቱም ይጀምራል። መጠጋጋቱ ለመኪናው በጀ እንጂ ለነባሩ ባለሱቅ አልበጀም፤ ጥቂት መንገድ አልፎ የሚከፈተው ሁለተኛ ሱቅ ደንበኛውን ይሻማዋል። ኩባንያው ከሁለቱም ሱቆች ድርሻውን ስለሚወስድ የሁለቱ ድምር ካደገ ይበቃዋል።

ትልቁ ነገር ግን ስሌቱ ውስጥ ነው። ብዙ ፍራንቻይዞች ከጠቅላላ ሽያጭ በመቶኛ ሲወስዱ፣ ሰቨን ኢሌቨን የሚካፈለው ጥቅል ትርፉን፣ ማለትም ከሽያጩ ላይ የዕቃው መግዣ ተቀንሶ የሚቀረውን ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ለባለሱቁ የተሻለ ነው፤ ሰጪውም ስለ ትርፍ ይጨነቃልና። ይሁን እንጂ በጃፓኑ አሠራር የሚቀነሰው የተሸጠው ዕቃ መግዣ ብቻ ነው። ጊዜው አልፎበት የተጣለው ምግብ መግዣ ከክፍፍሉ በኋላ በባለሱቁ ሒሳብ ላይ ይገባል።

በቁጥር እንየው። አኃዙ የእኔ ምሳሌ ነው፤ እውነተኛው ድርሻ ሱቁ የማን እንደሆነና ትርፉ ምን ያህል እንደሆነ እየታየ ይለያያል። አንድ ባለሱቅ ኦኒጊሪ የሚባለውን የሩዝ ምግብ 20 ፍሬ በ80 የን ገዝቶ በ120 የን ያቀርባል እንበል። 16ቱ ተሸጡ፣ 4ቱ ተጣሉ። ከተሸጡት የተገኘው ጥቅል ትርፍ 640 የን ነው። እኩል ቢካፈሉ ለኩባንያው 320፣ ለባለሱቁ 320 ይደርሳል። የተጣሉት 4 ፍሬዎች መግዣ ግን 320 የን ነው። ባለሱቁ የሠራተኛ ደሞዝ ከመክፈሉ በፊት እጁ ላይ ምንም አልቀረም፤ ኩባንያው 320ውን ይዟል።

አሁን ባለሱቁ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረቡትን 4 ፍሬዎች በግማሽ ዋጋ፣ በ60 የን ሸጣቸው እንበል። የሚጣል የለም። በእነሱ ላይ 80 የን ስለሚከስር ጥቅል ትርፉ ወደ 560 ይወርዳል፤ ለእያንዳንዳቸውም 280 ይደርሳል። ባለሱቁ ከባዶ ወደ 280 ወጣ፤ ኩባንያው ግን 40 የን አጣ። አንዱን የሚያድን ውሳኔ ሌላውን ያከስራል ማለት ነው። ለማዘዝም ያው ነው። አንድ ተጨማሪ ፍሬ ቢሸጥ ባለሱቁ 20 የን ያገኛል፣ ባይሸጥ 80 ያጣል፤ ስለዚህ ለማዘዝ ከአምስት ቢያንስ አራት ጊዜ እንደሚሸጥ እርግጠኛ መሆን አለበት። ኩባንያው ቢሸጥ 20 ያገኛል፣ ባይሸጥ ምንም አያጣም። «መደርደሪያህን ሙላ» የሚለው ምክር ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ጭንቀት አልነበረም። የጃፓን የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን በሰኔ 2009 ሰቨን ኢሌቨን ጃፓን ባለሱቆች ዋጋ እንዳይቀንሱ መከልከሉን እንዲያቆም አዘዘ። ኩባንያውም ከዚያ በኋላ ከሚጣለው ምግብ መግዣ 15 በመቶውን እንደሚሸፍን አስታወቀ። በእኛ ምሳሌ ይህ 48 የን ነው፤ ጥሩ ጅማሬ ቢሆንም ፍላጎታቸውን አንድ አያደርግም።

ለኩባንያው ፍትሐዊ እንሁን። አንዱ ሱቅ ማታ ማታ ዋጋ ከቀነሰ ደንበኛው ማታን መጠበቅ ይለምዳል፣ የጎረቤት ሱቅም ይጎዳል። ስሙ የጋራ ስለሆነ የአንዱ ስንፍና ለሁሉም ይተርፋል። የሰጪው ዋነኛ ስጋትም ይኸው ነው፤ በራሱ ሠራተኛ ባልተያዘ ሱቅ ውስጥ ስሙ ሲበላሽ ማዘዝ አይችልም፣ ውሉን ማስከበር ብቻ እንጂ። እኔ ግን ሰጪው ይህን ክርክር የሚያምንበት ከሆነ የሚጣለውንም በድርሻው መካፈል ነበረበት እላለሁ።

ሱቁን 24 ሰዓት ክፍት የማድረግ ግዴታውም ከዚሁ ስሌት የተወለደ ነው። በሌሊት የምትሸጥ እያንዳንዷ ዕቃ ለኩባንያው ድርሻ አላት፤ የሌሊቱን ሠራተኛ ደሞዝ የሚከፍለው ግን ባለሱቁ ነው። በየካቲት 2019 በሂጋሺ ኦሳካ አንድ ባለሱቅ ሠራተኛ ስላጣ ሌሊት መዝጋት ጀመረ። ኩባንያው በዓመቱ መጨረሻ ውሉን አቋረጠ፤ በደንበኞች ላይ አሳይቶታል ያለውን ጠባይም ምክንያት አድርጎ አቀረበ። ባለሱቁ ቢከስም የኦሳካ ፍርድ ቤት በ2022 ለኩባንያው ፈረደ። ሙግቱ ከተነሳ በኋላ ግን ኩባንያው አንዳንድ ሱቆች ሌሊት እንዲዘጉ ፈቅዷል።

ሰጪው ሁልጊዜ አሸናፊ ነው ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ይስታል። ሰጪው አሠራሩን ሲያስተምር ጠንካራ ተቀባይ እያሳደገ ነው። አሜሪካዊው ሳውዝላንድ በ1987 በብድር ከተገዛ በኋላ በዕዳ ተጨናንቆ በ1990 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በመጋቢት 1991 ኢቶ ዮካዶና ሰቨን ኢሌቨን ጃፓን 70 በመቶ ያህል ድርሻውን ገዙ፤ በ2005 ደግሞ ሙሉ በሙሉ የጃፓኖች ሆነ። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ ሰቨን ኢሌቨን የሚያስተዳድሩ ኢትዮጵያውያን ጥቅል ትርፍ የሚካፈሉት ባለቤቱ ቶኪዮ ከሆነ ኩባንያ ጋር ነው።