ጠዋት ለሚያም ጉሮሮ የማታውን እራት እንጠይቅ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ፣ በዙሪያቸውም ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ሰዎች ማለዳ ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ አቤቱታ ይሰማል፤ ይኸውም «ጉሮሮዬን ብርድ መትቶኝ አደረ» የሚል ነው። የብርዱ መድኃኒትም ወዲያው ይታዘዛል። አንዱ ማታ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በአረቄ እንዲጠጣ ይመክራል፤ ሌላው ከመድኃኒት መደብር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛውን የቶንሲል እንክብል ያካፍላል፤ በገጠርም «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ ቆራጭ የሚወሰድ አለ። እኛ ግን ክቡራን አንባቢዎቻችንን የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ትናንት ማታ እራት የበላችሁት በስንት ሰዓት ነው? የተኛችሁትስ?

ይህን የምንጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የእውነተኛው ጉንፋን የጉሮሮ ሕመም ከንፍጥና ከማስነጠስ ጋር ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ጠዋት ጠዋት እየተመላለሰ ወራትን የሚያስቆጥር ሕመም ግን ጠባዩ የተለየ ነው። ትኩሳት የለውም። ሰውዬው ሲነቃ ጉሮሮው ይከረክረዋል፣ ድምፁ ይጎረናል፣ አፉ ይኮመጥጠዋል ወይም ይመረዋል፣ አንዳች ነገር የተሰነቀረበት ይመስል ጉሮሮውን ደጋግሞ ይጠርጋል። ቁርስ በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ረፋድ ሲሆን ሕመሙ ይቀልለታል፤ በማግሥቱ ግን ተመልሶ ይመጣል። ብርድ እንዲህ ሰዓት ጠብቆ አይመላለስም። ሌሊት ሌሊት ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ ግን እንዲህ ያደርጋል።

ነገሩ የሚሆነው እንደሚከተለው ነው። ጨጓራ ምግብን ለመፍጨት ብርቱ አሲድ ያመነጫል። ራሱን ጨጓራን በውስጡ ያለው ወፍራም ልባስ ይጠብቀዋል፤ ጉሮሮ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። የምግብ መውረጃው ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ቧንቧውን እንደ ከረጢት አፍ የሚያስር ጡንቻ አለ። ጨጓራ በምግብ በተወጠረ ጊዜ ይህ ጡንቻ አልፎ አልፎ ይላላል፤ አሲዱም ወደ ላይ ይሾልካል። ቀን ቀን ቆመን ወይም ተቀምጠን ስለምንውል የሾለከው በክብደቱ ተመልሶ ይወርዳል፤ የቀረውንም የምንውጠው ምራቅ ያጥበዋል። በእንቅልፍ ጊዜ ግን ምራቅ እጅግ ይቀንሳል፣ መዋጥም ብርቅ ይሆናል፤ አካልም በአግድም ስለ ተዘረጋ አሲዱን ወደ ታች የሚመልስ ክብደት የለም። ጥቂቱ እስከ ጉሮሮና እስከ ድምፅ ማውጫው ድረስ ቢደርስ፣ ስስ የሆነውን ሥጋ እያቃጠለ ያድራል። ከምግብ መውረጃው ቧንቧ ይልቅ ጉሮሮ በጥቂት አሲድ ስለሚጎዳ፣ ደረቱን ቃር የማይሰማው ሰው እንኳ ጉሮሮው ታሞ ሊነቃ ይችላል። ብዙዎች በሽታውን ከጨጓራ ጋር የማያገናኙት ስለዚህ ነው።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ በፍኖተ ሰላም የሚኖር አንድ መምህር እናስብ። ቀን አስተምሮ ማታ ደግሞ የማታ ተማሪዎችን ያስተምራል። ቤቱ የሚገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ምሳውን በጥድፊያ ስለ በላ እጅግ ርቦታል፤ በርበሬ የበዛበትን ሽሮ በሙሉ እንጀራ ይበላል፣ አንድ ብርጭቆ ጠላ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ቡና ይጠጣል። በ4 ሰዓት ይተኛል። ጠዋት በ2 ሰዓት ክፍል ሲገባ ድምፁ አይወጣም፤ እየጮኸ ያስተምራል፤ ጩኸቱም የተቃጠለውን ጉሮሮ ይብስ ያቆስለዋል። ማታ «ለብርዱ» ብሎ መለኪያ አረቄ ይጠጣል። አረቄው ግን ያንኑ የከረጢት አፍ የሚያስረውን ጡንቻ የሚያላላ ስለ ሆነ፣ መድኃኒት ያለው ነገር በሽታውን ይመግበዋል።

ይህ መምህር ምን ያድርግ? የመጀመሪያው መፍትሔ በእራትና በእንቅልፍ መካከል 3 ሰዓት ማኖር ነው። በ4 ሰዓት የሚተኛ ሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከበድ ያለ ምግብ አይበላም ማለት ነው። የእኛ መምህር በ1 ሰዓት ክፍል ውስጥ ስለ ሆነ ይህ የማይቻል ይመስላል፤ ሆኖም ዋናውን ምግቡን ወደ ማታው ትምህርት ከመሄዱ በፊት በ11 ሰዓት ተኩል ቢበላ፣ ሲመለስ ጥቂት ነገር ብቻ ቀምሶ ማደር ይችላል። ጠላውንና ቡናውን ወደ ቀን ያዛውር፤ አረቄውን ይተው። በቅቤና በዘይት የሰባ ምግብ በጨጓራ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ከእራት ይልቅ ለምሳ ይስማማል። በርበሬ ግን ሁሉን ሰው እኩል አይጎዳም። ቡሬና አካባቢው በበርበሬ ምርት የታወቀ አገር ሲሆን «በርበሬ ተዉ» ብንል የሚሰማን የለም፤ ልንልም አያስፈልግም። ማታ ቀንሶ ጠዋት ለውጡን ያየ ሰው ለራሱ ይፍረድ።

ለገበሬውም ነገሩ ያው ነው። ከብት ገብቶ፣ ላም ታልቦ እራት ሲቀርብ መሽቷል፤ የደከመው ሰው ከገበታው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ መደቡ ይወጣል። በጾም ወራት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ጨጓራ ማታ በአንድ ጊዜ ይሞላል። እኛ ጾሙን የሚነካ ምክር አንሰጥም። ጾም በ9 ሰዓት የሚፈታ ሰው ዋናውን ምግቡን ያን ጊዜ በልቶ እራቱን ቢያሳንስ ጾሙም ይጠበቃል፣ ጉሮሮውም ያርፋል። ወገባቸውን በመቀነት አጥብቀው የሚያስሩ እናቶችም ከእራት በኋላ መቀነታቸውን ቢያላሉ ጨጓራቸውን ከመጨመቅ ያድናሉ።

ሁለተኛው መፍትሔ አልጋው ነው። የራስጌውን ሁለት እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም በአንድ ስንዝር ያህል፣ በጡብ ወይም በግንድ ጉማጅ ከፍ ማድረግ ይገባል። ጉማጁ መሐሉ ጎድጎድ ቢል የአልጋው እግር አይንሸራተትም። በመደብ የሚተኛ ሰው መደቡን በጭቃ ሲለቀልቅ ከወገብ ጀምሮ ወደ ራስጌ እያዳገተ እንዲሄድ ያድርገው፤ ወይም ገለባ የተሞላ ጆንያ ከወገቡ በላይ ያንጥፍ። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። ትራስ በትራስ ላይ መደራረብ ይህን ሥራ አይሠራም፤ አንገትንና ሆድን ያጥፋል እንጂ ደረትን ከጨጓራ ከፍ አያደርግም፤ የታጠፈ ሆድም ጨጓራን ይጫናል።

ሦስተኛው በየትኛው ጎን መተኛት እንደሚገባ ማወቅ ነው። ጨጓራ ያዘነበለው ወደ ግራ ነው፤ ቧንቧው የሚገባውም ከላይ በቀኝ ጠርዙ በኩል ነው። ሰው በግራ ጎኑ ሲተኛ አሲዱ ከቧንቧው በር በታች ይጠራቀማል፤ በቀኝ ጎኑ ሲተኛ ግን በሩ በአሲዱ ውስጥ ይጠልቃል። ስለዚህ በግራ ጎን መተኛት ይሻላል። በእንቅልፍ ልብ የሚገለባበጥ ሰው ጋቢውን ጠቅልሎ ከጀርባው ቢያስደግፍ ወደ ቀኝ አይዞርም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጣም፤ ዋጋውም በቀላሉ ይፈተናል። መምህራችን በደብተሩ ላይ ለ2 ሳምንት እራት የበላበትን ሰዓት፣ የበላውን፣ የተኛበትን ሰዓትና የጠዋቱን ሕመም ከ0 እስከ 10 ይመዝግብ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይለውጥ፤ በሁለተኛው እራቱን ያስቀድም፣ አልጋውን ከፍ ያድርግ። ቁጥሩ ከወረደ መንገዱ ትክክል ነውና ይቀጥል፤ የቆሰለ ጉሮሮ ፈጽሞ እስኪድን ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላልና በጥቂት ቀን ተስፋ አይቁረጥ። ቁጥሩ ከወር በኋላም ያው ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። መስኮት በሌለው ቤት የሚታፈን የምድጃ ጢስ፣ ትምባሆ፣ በታፈነ አፍንጫ ምክንያት አፍን ከፍቶ ማደር፣ እነዚህም ጠዋት ጉሮሮን ያሳምማሉ።

የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ እንክብሎች ስላሉ ለምን በእነርሱ አንጀምርም የሚል አንባቢ ይኖራል። እነዚህ እንክብሎች ለእውነተኛው ቃር ይረዳሉ፤ ሐኪም ያዘዘለት ሰውም መውሰዱን አይተው። ለጉሮሮ ምልክት ብቻ ሲሰጡ ግን ተስፋው ያንሳል። በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ላንሶፕራዞል የተባለውን እንክብል ለ16 ሳምንት የወሰዱ የጉሮሮ ሕመምተኞች መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከወሰዱት የተሻለ ለውጥ እንዳላገኙ አሳይቷል። ለቶንሲል የሚሰጠው እንክብልም የሚገድለው ተሕዋስያንን ነው፤ አሲድን አያቆምም።

የሆነ ሆኖ ምክራችን ሐኪምን የሚተካ አይደለም። ልጅ ድንገት አተኩሶት ጉሮሮውን ከታመመና መዋጥ ካቃተው፣ ነገሩ የእራት ጉዳይ ስላልሆነ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በጊዜው ያልታከመ የዚህ ዓይነት የጉሮሮ ቁስል ውሎ አድሮ የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል። በአዋቂም ቢሆን ምግብ ሲውጥ የሚተናነቀው፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ደም የሚያስመልሰው ወይም ጥቁር ዓይነ ምድር የሚወጣው፣ ድምፁም ከ3 ሳምንት በላይ የጎረነነ ሰው ደብተር ከመያዝ አስቀድሞ ይመርመር። ሲሠራ ወይም ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚጨንቀውም ቃር ነው ብሎ አይለፈው።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ እንኳ የሌለበት፣ ጠዋት ታሞ ረፋድ ላይ የሚድን ሰው ግን እንክብል ከመግዛቱና እንጥል ከማስቆረጡ በፊት ዛሬ ማታ እራቱን ያስቀድም፤ ሁለት ጡብም ከራስጌው በታች ያኑር።