ኪቦርዱ የዋጠው ፊደል ከተማሪው ማርክ አይቀነስ

ይሄን ፖስት በተለይ ለመምህራን፣ ለትምህርት ቤት ግዢ ኮሚቴዎች እና ዓይነ ስውር ልጅ ላላችሁ ወላጆች ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ርካሽ ኪቦርድ ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ቁልፍ አንድ ላይ ስንጫን አንዱ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርዱ ስለተበላሸ አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣም እንደዚያው ነው። ስለዚህ "ተበላሽቷል" ብሎ መጣሉም፣ ሱቅ ወስዶ በዚያው ዓይነት ማስቀየሩም ጥቅም የለውም። ኪቦርዱ የዋጠውን ፊደል የተማሪ ስህተት ብሎ ማርክ መቀነስ ደግሞ ግፍ ነው።

"ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ማን ይጫናል?" ትሉ ይሆናል። ጌም የሚጫወቱ ልጆች ያውቁታል፤ የላይና የግራ ቀስት ይዘው ስፔስ ሲመቱ ተኩሱ እምቢ ይላል። ጌሙ ይቅር። በኮምፒዩተር ላይ በብሬል የሚጽፍ ተማሪ ግን አብዛኛውን ፊደል የሚጽፈው ብዙ ቁልፍ ባንዴ በመጫን ነው።

ብሬል ስድስት ነጥብ አለው። ፐርኪንስ የሚባለው የብሬል መጻፊያ ማሽን ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቁልፍ አለው፤ ጸሐፊው ለፊደሉ የሚያስፈልጉትን ነጥቦች ባንዴ ይጫናል። ማሽኑ ውድ ነው። በነፃ የሚገኝ ፐርኪ ዳክ የሚባል ፕሮግራም ግን ተራውን ኪቦርድ እንደ ፐርኪንስ ያሠራዋል። በግራ እጅ F፣ D እና S ነጥብ 1፣ 2 እና 3 ይሆናሉ፤ በቀኝ እጅ J፣ K እና L ነጥብ 4፣ 5 እና 6። ለምሳሌ የእንግሊዝኛው p ነጥብ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ስለሆነ F፣ D፣ S እና J ባንድ ላይ ይጫናሉ።

አሁን ነገሩን አስቡት። ከአራቱ አንዱን ኪቦርዱ ቢውጠው ባዶ ቦታ አይመጣም፣ ሌላ ፊደል ነው የሚመጣው። S ቢጠፋ p የነበረው f ይሆናል። J ቢጠፋ l ይሆናል። F ቢጠፋ s ይሆናል። ፕሮግራሙ ምንም አይጠራጠርም፤ ሁሉም ትክክለኛ ፊደሎች ናቸዋ! ወረቀቱን የሚያርመው መምህር የሚያየው ስፔሊንግ የማይችል ተማሪ ነው።

እኛ ጋ የሆነው ይኸው ነው። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የእንግሊዝኛ ድርሰቱን በዚህ መንገድ ጽፎ አስገባ፣ ወረቀቱ በቀይ ተሞልቶ ተመለሰለት። ለእንግሊዝኛ መምህርቷ አልፈርድባትም፣ ወረቀት ላይ ያየችውን ነው ያረመችው። ልጁ ግን "ቲቸር፣ እኔ ይሄን ፊደል አልሳሳትም፣ ጣቴ ያውቀዋል" ብሎ አይሲቲ ክፍል መጣ። ወረቀቱን ይዘን ቁጭ አልን። አንድ ነገር ቶሎ ታየን፦ h፣ r፣ t፣ v አንዴም አልተሳሳተም። የተበላሹት m፣ n፣ p፣ q፣ x፣ y ብቻ ናቸው። m አንዴ k፣ አንዴ c ሆኗል። n አንዴ d፣ አንዴ o። እነዚህ ስድስት ፊደሎች ምን ያገናኛቸዋል? ነጥብ 1፣ 3 እና 4 ሦስቱም ያሉባቸው እነሱ ብቻ ናቸው። ማለትም F፣ S እና J ባንድ ላይ የሚጫኑባቸው። ስፔሊንግ የማይችል ሰው እንዲህ መርጦ አይሳሳትም።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በክፍል ምሳሌ ላስረዳ። ኪቦርድ ላይ 104 ያህል ቁልፍ አለ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሽቦ ቢሰጠው 104 ሽቦ ቺፑ ውስጥ መግባት ነበረበት። ይሄ ውድ ስለሆነ ቁልፎቹ ክፍል ውስጥ እንዳለ ወንበር በረድፍና በዓምድ ይደረደራሉ። 8 የአግድም መስመርና 18 የቁም መስመር ቢኖር 144 መገናኛ ይገኛል፤ በ26 ሽቦ ብቻ ለሁሉም ቁልፍ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል። ቁልፍ ስትጫኑ አንዱን የቁም መስመር ከአንዱ የአግድም መስመር ጋር ታነካካላችሁ። ቺፑ እንደ ስም ጠሪ መምህር ነው፦ በአንደኛው ዓምድ ኤሌክትሪክ ይልክና "በየትኛው ረድፍ ወጣ?" ይላል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ዓምድ፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ይሄን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል።

ችግሩ የሚመጣው ሦስት ቁልፎች የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጥግ ላይ ሲገኙ ነው። በምሳሌ ለማየት Q እና W አንድ ረድፍ ላይ፣ A እና S በሚቀጥለው ረድፍ ላይ ናቸው እንበል። Q እና A አንድ ዓምድ ይጋራሉ፣ W እና S ሌላውን። Q፣ W እና A ተጫኑ። ቺፑ በW ዓምድ ኤሌክትሪክ ሲልክ ኤሌክትሪኩ በW አድርጎ ወደ ላይኛው ረድፍ ይሻገራል፤ እዚያ Q ተጭኖ ስላገኘው በሱ በኩል ወደ መጀመሪያው ዓምድ ይመለሳል፤ እዚያ ደግሞ A ስላለ ወደ ታችኛው ረድፍ ይወርዳል። ቺፑ የሚያየው ምንድነው? በሁለተኛው ዓምድ የላከው በታችኛው ረድፍ ወጣ። እዚያ መገናኛ ላይ ያለው S ነው። ማንም ያልነካው S "ተጭኗል" ተባለ። ጎስቲንግ የሚባለው ይሄ ነው፤ ጎስት መንፈስ ማለት ነውና ቁልፉ የመንፈስ ቁልፍ ነው።

የዛሬ ኪቦርዶች ግን የመንፈስ ፊደል ሲጽፉ እምብዛም አታዩም። ቺፑ አራቱም ጥግ በርቶ ሲያይ የትኛው እውነት፣ የትኛው ሐሰት እንደሆነ መለየት ስለማይችል መጨረሻ የመጣውን ቁልፍ ዝም ብሎ ይተወዋል። ያልጻፋችሁት ከሚጻፍ የጻፋችሁት ቢቀር ይሻላል በሚል ነው የተሠራው። (ልጆቹ "ጎስት አደረገችኝ" የሚሉት መልስ ሳይሰጡ መጥፋትን ነው አይደል? ኪቦርዱም ይኸውና።) የልጁ ስህተት አንዴ k አንዴ c የሆነውም ለዚህ ነው፦ ጣቶቹ ባንዴ ያረፉ ቢመስሉም አንዱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ የዘገየው ይዋጣል። የሚዘገየው ጣት ስለሚለያይ ስህተቱም ይለያያል፣ ለተመልካች ግዴለሽነት ይመስላል።

መድኃኒቱ ድሮም የታወቀ ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ ዳዮድ ማድረግ ነው። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ በQ በኩል ወደ ኋላ የተመለሰው ጉዞ ዳዮድ ቢኖር እዚያው ይቆም ነበር። ታዲያ ለምን አይደረግም? ርካሹን ኪቦርድ የፈታችሁ ታውቃላችሁ፣ ውስጡ ሦስት ስስ ፕላስቲክ ነው፦ ላይና ታች መስመር የታተመባቸው፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው። እዚያ ፕላስቲክ ላይ ዳዮድ መበየድ አይመችም። መካኒካል የሚባሉት ኪቦርዶች ጠንካራ የሰርኪዩት ቦርድ ስላላቸው ነው ቀላል የሚሆንላቸው።

ግን ውድ ስለሆነ ብቻ አትመኑ። የአይቢኤም ሞዴል ኤም የሚባለውን ከባድ ኪቦርድ አንስተው የማይጠግቡ ሰዎች አሉ፤ ያም ውስጡ ፕላስቲክ ነውና ያለ ገደብ የሚያስተማምናችሁ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው፣ ሦስተኛው እንደ ቦታው ነው። ከሱ በፊት የነበረው ሞዴል ኤፍ ግን ሁሉንም ባንዴ ይቀበል ነበር።

እኛ መፍትሔ ያገኘነው ከመጋዘን ነው። አቧራ ከጠጣ አሮጌ ኪቦርድ አንዱን ሰካነው፣ ስድስቱንም ቁልፎች ባንዴ ተቀበለ። ዳዮድ የለውም፣ ርካሽ ነው። ምሥጢሩ አቀማመጡ ነው፦ S D F J K L ስድስቱም አንድ የአግድም መስመር ላይ ካሉ ከነሱ አራት ማዕዘን አይሠራም፤ አራት ማዕዘን ሁለት ረድፍ ይፈልጋላ። ፋብሪካዎች መስመሩን እንደ ፈለጉ ስለሚዘረጉ ግን አንዱ ርካሽ ኪቦርድ ይሠራል፣ ጎኑ ያለው ርካሽ አይሠራም። ከውጭ አይታይም። የሚታወቀው ተሞክሮ ነው።

ካርቶኑ ላይ "አንቲ-ጎስቲንግ" የሚል ካያችሁ ስንት ቁልፍና የትኞቹን ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለጌም የሚፈለጉትን W A S D እና አካባቢያቸውን ብቻ አስተካክለው ነው የሚጽፉት። መብራቱም ምንም አያረጋግጥም። ሌላም ገደብ አለ፦ መደበኛው የዩኤስቢ ኪቦርድ መልእክት 8 ባይት ነው፣ አንዱ ለሺፍት፣ ኮንትሮልና ለመሳሰሉት፣ አንዱ ባዶ፣ የቀሩት ስድስቱ ለስድስት ቁልፍ። ብሬል ከስድስት ስለማያልፍ ይሄኛው አይነካውም።

ሙከራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ኖትፓድ ክፈቱ፣ S D F J K L ስድስቱን ባንድ ላይ ምቱ፣ አሥር ጊዜ ድገሙት። ቅደም ተከተሉ ቢለያይ ግድ የለም፣ ስድስቱም በየጊዜው መውጣት አለባቸው። አንድ ከጎደለ ያንን ቁልፍ ለብቻው ተጫኑት። ለብቻው ከሠራ ቁልፉ ጤነኛ ነው፣ የጎዳው የመስመሩ አቀማመጥ ነው። ለብቻውም እምቢ ካለ ያኔ እውነትም ተበላሽቷል።

በአማርኛ በፍጥነት የምትተይቡም "ለዚህ ነው ፊደል የሚጠፋኝ" እንዳትሉ። selam ስትጽፉ a ቢዋጥ "ሰልም" ይሆናል፣ እውነት ነው፤ ግን ተራ ትየባ ላይ ባንዴ የሚያዘው ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ነው፣ ሁለት ደግሞ ሁሉም ኪቦርድ ይችላል። አብዛኛው የኛ ግድፈት የኛው ነው።

የግዢ ኮሚቴዎች፣ ልመናዬ ትንሽ ነው። መጠየቂያው ላይ "ኪቦርድ፣ ዩኤስቢ፣ ጥቁር" ብላችሁ ከምትጨርሱ "S D F J K L ባንድ ላይ ሲጫኑ ስድስቱም የሚጽፍ" የሚል አንድ መስመር ጨምሩ፣ ናሙናውን ፊታችሁ አስሞክሩ። ዋጋ የማይጨምር ሊሆን ይችላል፣ መጋዘናችን ውስጥ የነበረው አልጨመረብንም። መምህራን ደግሞ የብሬል ተማሪ በኮምፒዩተር ጽፎ ካስገባ ከማረማችሁ በፊት የተሳሳቱትን ፊደሎች ነጥባቸውን ጽፋችሁ ተመልከቱ። ሁሉም የሚጋሩት ሦስት ነጥብ ካገኛችሁ ኪቦርዱን ቀይሩና ድጋሚ አስጽፉት። የኛ ልጅ ድርሰቱን በአሮጌው ኪቦርድ ደግሞ ጻፈው፣ መምህርቷም እንደገና አረመችለት።

የናንተ ትምህርት ቤት ኪቦርድ አለፈ ወደቀ? ሞክሩና ሞዴሉን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ለሌላው ይጠቅማል።