«አታምነኝም ወይ?»

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ለዓመታት ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ተንትኜዋለሁ። ትክክለኛ ትርጉሙን ያስተማሩኝ ግን የሟች አከራዬ ልጆች ናቸው።

በ2001 ዓ.ም. ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት በወር 900 ብር ተከራየሁ። ውሉን በጽሑፍ ተፈራረምን። ኪራዩን ግን ወር በገባ በአምስተኛው ቀን በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸው ይመርቁኛል፤ ቡና ከተፈላ ቡና እጠጣለሁ። ደረሰኝ? እንዴት ተደርጎ! እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ይባላሉ እንዴ?

በሚያዝያ 2003 አረፉ። ከአርባቸው በኋላ ክፍለ ሀገር ይኖር የነበረው የበኩር ልጃቸው አንድ ደብተር ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ኪራይ በተቀበሉ ቁጥር ከወሩ ስም አጠገብ የመስቀል ምልክት ያደርጉ ኖሯል። ምልክቱ መስከረም 2003 ላይ ቆሟል። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው መጻፍ ትተው ነበር። ልጁ ግን ያየው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባዶ የሆነ ሰባት ወር፣ ማለትም 6,300 ብር ነው። እኔም የራሴን ማስታወሻ ደብተር አውጥቼ አሳየሁት። በትሕትና አገላብጦ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ጽሕፈት ነው» አለኝ። ምን ልመልስለት? ቡናውን ታፈላ የነበረችው ልጅ አገሯ ገብታለች፤ ሌላ ምስክር የለኝም።

የሕግ ባለሙያ ወዳጄን አማከርኩ። «ውሉ ዕዳ እንዳለብህ ያስረዳል። መክፈልህን የሚያስረዳው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2001 ግዴታ አለ የሚል ወገን መኖሩን እንዲያስረዳ፣ ግዴታው ቀርቷል የሚል ደግሞ መቅረቱን እንዲያስረዳ ያዛል። «ከፍያለሁ» ባይ እኔ ነኝና ሸክሙ የኔ ነው። በሽማግሌ ተስማምተን ግማሹን፣ 3,150 ብር፣ ዳግመኛ ከፈልኩ።

ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ሌባ የለም። ሴትዮዋ ሐቀኛ፣ ልጁም ጨዋ ነበር። ስለዚህ ደረሰኝ ሲጠየቅ «አታምነኝም ወይ?» የሚል አከራይ ጥያቄው አልገባውም እላለሁ። ወረቀቱ የሚፈለገው እሱ ለሚረሳበት፣ ለሚታመምበትና ወራሾቹ ለሚመጡበት ቀን ነው። ለራሱም ይጠቅመዋል፤ ያልከፈለ ተከራይ «ከፍያለሁ» ቢለው ከደረሰኙ ቀሪ የተሻለ መልስ የለውም።

«እሱስ ልክ ነው፤ ግብሩስ?» የሚሉኝ አከራዮች አሉ። ቢያንስ እነዚህ እውነቱን ተናገሩ! እንግዲህ የቅያሜው ሥር ከመተማመን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ማለት ነው። አከራዩ ከግብር ለመሸሽ ሲል ተከራዩ ያለ ማስረጃ ይቀመጥ ነው ነገሩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲከፈል ደንግጓል። ዛሬም በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ የሚል አከራይ ውለታ እየዋለልን አይደለም።

ተከራዩም ይስማኝ። እስከ ዛሬ በእጅ የከፈልከው አልፏል ብለህ አትተወው። ሰውየው በሕይወት፣ ፍቅራችሁም ባለበት ሰዓት አንዲት ወረቀት ጠይቅ፦ «ከዚህ ወር ጀምሮ እስከዚህ ወር ያለውን የቤቴን ኪራይ፣ በወር ይህን ያህል ብር፣ በሙሉ ተቀብያለሁ»፤ ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ በሁለት ቅጂ ይሁን። ከባንክ ብር ማውጣትህን የሚያሳይ ወረቀት ለአከራይህ መስጠትህን አያሳይም። ለወደፊቱ በባንክ ስትልክ ውሉ ላይ በተጻፈው አከራይ ስም ላክ፤ ምክንያቱ በሚጻፍበት ቦታም «የጥር ወር የቤት ኪራይ» በል፤ ያለዚያ ብድር ስትመልስ ነው ሊባል ይችላል። «ለልጄ ላክለት» ከተባልክ ይህንኑ በጽሑፍ አስፍርልኝ በል። የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ስለሚጠፋ ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም ዛሬ ግቢዬ ውስጥ አንድ ክፍል አከራያለሁ። ባለፈው ተከራዬ፣ ወጣት መምህርት ናት፣ አንገቷን ደፍታ «ጋሼ፣ የእስካሁኑን ቢፈርሙልኝ ቅር ይልዎታል?» አለችኝ። ይህን ሁሉ የማውቀው ሰውዬ፣ ለቅጽበት ያህል ቅር አለኝ! «አታምኚኝም ወይ?» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የሴትዮዋ ደብተር ትዝ ሲለኝ ብዕሬን ፈለግሁ።