የቀላ ዓይን ሁሉ የዓይን ማዝ አይደለም

ከመካነ ኢየሱስ፥ እስቴ፥ አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፤ «ግራ ዓይኔ ቀልቶ ከውስጥ ያመኛል፤ ዓይናር ግን የለውም። ወደ ብርሃን ማየት አቅቶኛል። የቴትራሳይክሊን ቅባት 5 ቀን ብቀባ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ጓደኛዬ ለእርሱ ታዝዞለት የነበረውን የስቴሮይድ ጠብታ ሰጥቶኛል። ላድርገው?»

ጠብታው ምናልባት የሚያድንዎ መድኃኒት ይሆናል፤ ቢሆንም ሐኪም ሳያይዎ አያድርጉት። ምክንያቱን እናስረዳ።

በአማራ ክልል ትራኮማ የቆየ በሽታ ስለሆነ፥ ዓይኑ የቀላ ሰው ወደ ቴትራሳይክሊን ቢሮጥ አያስደንቅም። ነገር ግን የዓይን ማዝ ይቆረቁራል፤ ጠዋትም ዓይናሩ ሽፋሽፍቱን ያጣብቀዋል። የእርስዎ ሁኔታ ግን ዩቪያይተስ የሚባለውን የዓይን ውስጥ ብግነት ይመስላል። እስቲ መስተዋት ፊት ይቁሙ። ቅላቱ በጥቁሩ ክፍል ዙሪያ እንደ ቀለበት ከበረታ፥ ጤነኛው ዓይን ላይ ብርሃን ሲበራም የታመመው ካመመዎ፥ ጥርጣሬያችን ይጠነክራል። የሁለቱ ዓይኖች ብሌን አብሮ ስለሚጠብ የቆሰለው ጡንቻ ይጎተታልና ነው።

አሁን ደግሞ ከዓይን የራቀ የሚመስል ጥያቄ እንጠይቅዎ። ጠዋት ሲነሡ ወገብዎ ይደርቃል? ሲንቀሳቀሱ ይፍታታል? ሦስት ወር አልፎታል? ሰውነትን ከተዋሕስያን የሚጠብቀው ኃይል አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶ የገዛ አካሉን ይወጋል። የአከርካሪን መገጣጠሚያ የሚያቃጥለው በሽታ ዓይንንም በድንገት፥ ብዙውን ጊዜ አንዱን ብቻ፥ ይይዛል። ስለዚህ የወገብዎን ነገር ለዓይን ሐኪሙ መንገር አይርሱ። ቂጥኝና የሳንባ ነቀርሳም ይህንኑ ብግነት ስለሚያመጡ ሐኪሙ ደም ሊያስመረምር ይችላል።

ሐኪሙ አስቀድሞ ዓይንዎን በብርቱካንማ ቀለም ነክሮ በሰማያዊ ብርሃን ያያል። የሄርፐስ ቁስል ካለ ስቴሮይድ ብቻውን ቁስሉን ያሰፋዋል፤ ዓይንም ሊያጠፋ ይችላል። የጓደኛዎን ጠብታ የከለከልንዎ ስለዚህ ነው።

ቁስል ከሌለ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን 1% ነው። መድኃኒቱ ከሥር ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቁት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፥ ነቅተው ሳሉ፥ በየሰዓቱ አንድ ጠብታ ያስፈልግ ይሆናል። ብሌን የሚያሰፋ ሌላ ጠብታም ይጨመራል፤ አለበለዚያ የብሌኑ ጠርዝ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ይህ ሁለተኛው ጠብታ ቅርብ ጽሑፍ ስለሚያደበዝዝ ፋይል ማንበብ ቢያቅትዎ አይደንግጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሕመሙ በጥቂት ቀን ይቀላል፤ በሽተኛውም ጠርሙሱን ይጥላል። ውስጡ ግን ገና አልበረደምና ተመልሶ ይነድዳል። ጠብታው በሐኪም ትእዛዝ ሳምንት በሳምንት እየተቀነሰ፥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የዓይን ግፊት መለካት አለበት፤ ስቴሮይድ በአንዳንድ ሰው ላይ ግፊቱን ያለ ሕመም ከፍ ያደርጋል፤ ሲረዝምም የዓይን ሞራ ያመጣል።

በአቅራቢያዎ የዓይን ባለሙያ ከሌለ፥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። ከሐኪም ቤት ሪፈር አጽፈው በዚሁ ሳምንት ይሂዱ፤ እይታዎ ከቀነሰ ግን ነገ አይበሉ።