ሙግት፦ የአርቲክል ስሕተቶች በአንድ ወረቀት ይደባለቁ?

ይደባለቁ (የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት)

ተማሪዎቼ «ባዶ ቦታውን በኤ፣ በአን ወይም በዘ ሙሉ» ሲባሉ ብዙም አይሳሳቱም። በማግስቱ ድርሰት ሲጽፉ ግን «ሺ ኢዝ ቲቸር» ይላሉ። አያስገርምም፤ በአማርኛ «አስተማሪ ናት» ስንል ከስሙ በፊት የምንጨምረው ነገር የለም። የልጆቹ ችግር ከሦስቱ ቃላት መምረጥ ሳይሆን እዚያ ቦታ ላይ ቃል እንደሚያስፈልግ ማስተዋል ነው። ያንን ባዶው መስመር ቀድሞ ነግሯቸዋል።

ስለዚህ ባዶ ቦታ የሌለው አጭር ጽሑፍ እሰጣለሁ። እነሆ አንዱ፦

«ማይ ብራዘር ኢዝ ድራይቨር። ሂ ድራይቭስ ኤ ትራክ ፍሮም ባሕር ዳር ቱ ጎንደር። ላስት ዊክ ኤ ትራክ ብሮክ ዳውን ኒር ዘ ሌክ ጣና። ሂ ዌይትድ ፎር አን አወር። ዘ ላይፍ ኦፍ ኤ ድራይቨር ኢዝ ሃርድ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ኤ» ጎድሎታል። ሁለተኛው ትክክል ነው። ሦስተኛው ሁለት ስሕተት ይዟል፤ መኪናው ከዚህ በፊት ስለተጠቀሰ «ዘ» ይገባዋል፣ ጣና ደግሞ «ዘ» አያስፈልገውም። የወንዝ ስም «ዘ ናይል» ይባላል፣ የሐይቅ ስም ግን ብቻውን ይቆማል። አራተኛው ወጥመድ ነው፦ «አወር» ሲጻፍ በኤች ቢጀምርም ሲነገር በአናባቢ ስለሚጀምር «አን» ልክ ነው። አምስተኛውም ትክክል ነው። «ዘ ላይፍ ኢዝ ሃርድ» ስሕተት መሆኑን የሸመደደ ልጅ እዚህ ዘው ብሎ «ዘ»ውን ይሰርዛል፤ የማን ሕይወት እንደሆነ መገለጹን አላየማ።

«ስምንት ስሕተት ፈልጉ» አልልም። ቁጥር ከሰጠኋቸው ልጆቹ ማሰባቸውን ትተው ስምንት እስኪሞላ ይቆጥራሉ። ርዕሱንም «የዘ አጠቃቀም» አልለውም። ሌላም አለ፦ በኮምፒዩተር አርቲክል ስናጠፋ ድርብ ክፍተት ይቀራል፤ ዓይነ ንቁ ተማሪ ሰዋስው ሳያውቅ በዚያ ያገኘዋል። ከዓረፍተ ነገር መነሻ ላይ «ዘ» ካጠፋን ደግሞ ቀጣዩ ቃል በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት።

አይደባለቁ (የማታ ክፍል መምህር)

ባልደረባዬ ስለ ክፍተቱ ያሉት እውነት ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ እጠነቀቃለሁ። ጽሑፋቸውን ግን መልሼ አነበብኩት። «ኤ ትራክ ብሮክ ዳውን» ለምን ስሕተት ይሆናል? የሌላ ሰው መኪና ተበላሽቶ መንገድ ዘግቶበት ሾፌሩ አንድ ሰዓት ጠብቆ ቢሆንስ? እንዲህ ያነበበ ተማሪ ከሁላችንም በላይ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ወረቀቱ ግን ዜሮ ይሰጠዋል። ከኋላው «መካኒክ ጠርቶ አስጠገነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢከተል የማን መኪና እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ተማሪው ዝም ብሎ ያለፈውን ዓረፍተ ነገር እንዴት አርማለሁ? ትክክል መስሎት ነው ወይስ አላየውም? የእኔ ተማሪዎች ቀን ሲሠሩ ውለው የሚመጡ አዋቂዎች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ «ኤ» እና «ዘ»ን ብቻ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የቦታ ስሞችን ብቻ ብሰጣቸው የትኛው እንዳልገባቸው አውቃለሁ። ደግሞም ስሕተት አዘውትሮ ያነበበ ስሕተቱን ይለምዳል።

ጎረቤቴ የሒሳብ መምህር ነው። ክርክሩን ሰምቶ «መልሱን ከወረቀቱ ጀርባ አለማተም ነው፣ አለቀ» አለኝ። እኔና ባልደረባዬ ቢያንስ በአንድ ነገር እንስማማለን፦ መልሱ የሚሾልከው ከጀርባ ሳይሆን ከፊት ነው።

የመምህርቷ መልስ

ዝምታው ችግር መሆኑን አልክድም። ለዚህም ተማሪው ትክክል ባለው ዓረፍተ ነገር ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ለለወጠው ደግሞ ምክንያቱን በአማርኛ በአንድ መስመር ይጽፋል። ልክ የነበረውን ካበላሸም ነጥብ ይቀነሳል፣ አለዚያ ያገኘውን ሁሉ የሚለውጥ ያሸንፋል። ስሕተት አንብቦ መልመድ የሚባለውን ግን አልቀበልም፤ ልጆቹ «ሺ ኢዝ ቲቸር»ን ከእኔ ወረቀት አልተማሩትም። ደንቦቹን ለየብቻ ማስተማርን አልቃወምም። የምቃወመው እዚያው ማቆምን ነው፣ በድርሰት ውስጥ ደንቦቹ ተራ ይዘው አይመጡምና።

የመምህሩ መልስ

ስድሳ ወረቀት ላይ የስድሳ ሰው ምክንያት ማንበብ የሚችል ይሞክረው፤ እኔ አልችልም። ለአምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ከሆነ ግን በወር አንዴ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም፦ እንዲህ ያለ ወረቀት ከመባዛቱ በፊት መልሱን ላላየ ሌላ መምህር ይሰጥ። ሁለት መምህራን የተለያየ መልስ የሰጡበት ዓረፍተ ነገር ይስተካከል ወይም ይውጣ።