የሚጎብጠው የሱቅ መደርደሪያና የእንጨት ሥራ ተማሪው

የእንጨት ሥራ ተማሪ ለመመረቂያው ጌጠኛ ሣጥን ከሚሠራ ይልቅ፣ የአንድ ባለሱቅ ችግር የሚቃለልበትን ዕቃ ቢሠራ እጅግ ይሻላል። ለምሳሌ፣ የሱቅ መደርደሪያ ስኳርና የዘይት ቆርቆሮ ሲከመርበት መካከሉ ይጎብጣል። ባለሱቁም ወፍራም ጣውላ ለመግዛት ይገደዳል።

ይሁን እንጂ መፍትሔው ሌላ ነው። እንጨትን ከመጉበጥ የሚያድነው ይበልጡን ቁመቱ ነው፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን፣ ያለመጉበጥ ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን እንጨት ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ወርዱ 30፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተመሳሳይ ጣውላ ጋር በኃይል ይተካከላል። ቢያጋድሙት ግን ኃይሉ ወደ ስድስተኛ እጅ ይወርዳል። እንግዲህ ተማሪው በጣውላው ሥር፣ በፊትና በኋላ ጠርዝ፣ ሁለት እንዲህ ያሉ እንጨቶች በሙጫና በሚስማር ቢያያይዝ፣ ጉብጠቱ ቢያንስ ወደ ሲሶ ይቀንሳል።

መምህሩም ሥራውን በመልኩ አይመዝነው። መደርደሪያው ዕቃ ተጭኖበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ተወጥሮ፣ የመካከሉ ክፍተት ይለካ፤ እንጨት በሸክም ሥር እየቆየ ይጎብጣልና ከሳምንት በኋላ እንደገና ይለካ። እንጨቱ እርጥብ ከነበረ መጣመሙ ያን ጊዜ ይገለጻል። የጭቃ ግድግዳ ሚስማር ስለማይዝ፣ መደርደሪያው መሬት በረገጡ ቋሚዎች ላይ ይረፍ።

ከነጋዴው የሚፈለገው ሱቁን ማስለካትና የእንጨቱን ዋጋ መክፈል ብቻ ነው።