የሳሎን ጉዳይ በአደባባይ

የተማረው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሰላሙን የሚጠብቅባቸው ሁለት የታወቁ መድኃኒቶች አሉት። አንደኛው ቡና ተፈልቶ ፖለቲካ እንዳይነሳ መከልከል ነው። ሁለተኛው፣ ከዘመድ አንዱ ፌስቡክ ላይ ጠንከር ያለ አቋም የጻፈ እንደሆነ፣ በየስልኩ ተረባርቦ «አጥፋው!» ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሦስተኛ ይጨምርበታል፤ አገር እያየ ከጽሑፉ ሥር ገብቶ ዘመዱን ይገሥጻል፤ «ቤተሰባችንን አይወክልም» ብሎም ይፈርማል። እኔ ሦስቱም ሰላም አያመጡም ባይ ነኝ። ሦስተኛው እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከራሱ ከጽሑፉ የከፋ ጥፋት ነው። ይህንንም የምለው ጥፋቱን ራሴ ስላጠፋሁት ነው።

ጊዜው የጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ወድቀዋል፤ ጥቅምት 23 ቀን በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጇል፤ የአዲስ አበባ ነዋሪም የጦር መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ ተነግሮታል። አየር ጤና በሚገኘው በአጎቴ ቤት ያደገ አንድ የአክስቴ ልጅ አለ። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደጉት የአጎቴ ባለቤት ናቸው፤ እኛ ሁላችን «እትዬ» የምንላቸው። እትዬ የዓድዋ ተወላጅ ናቸው፤ ወንድሞቻቸው የሚኖሩት መቀሌ ነው። ይህ ልጅ ከዐዋጁ ሁለት ቀን በኋላ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ «በዚህ ጊዜ በዚህ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ዝም ያለ ሁሉ ወገኑን መርጧል» ብሎ ጻፈ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ብሔርም አልጠቀሰም። ይሁን እንጂ እትዬ ከሰኔ ወር ጀምሮ በፖለቲካ ጉዳይ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሱ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚያርፍ ገባው።

ቀድማ የተነሣችው በአሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ነበረች። በቁጣ፣ በፍቅርና በእንባ ጻፈች፤ እትዬን ለመከላከል። ያሳደገችህ እናትህ የዓድዋ ሰው መሆኗን ረሳኸው? ወንድሞቿ መቀሌ ከበባ ውስጥ እያሉ እዚያው አየር ጤና፣ አንተ ከምትተኛበት ክፍል አጠገብ እያለቀሰች እንደምታድር አታውቅም? የሚል ነበር ይዘቱ። እኔ ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪዬ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ዝምታ አቋም ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በሦስት ነጥብ ከፍዬ የሚያትት ረጅም አስተያየት አከልሁ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ሲነጋ ዘጠና ያህል ላይክ አግኝቷል፤ ቆጥሬዋለሁ። ከእህቴ አስተያየት ሥር ግን ማናችንም የማናውቀው አንድ ሰው አጭር ጥያቄ ጽፎ ነበር፦ «አየር ጤና የት ጋ?»

እስቲ በዚህ ጥያቄ ላይ ቆም እንበል። ልጁ በጻፈው ውስጥ ስም፣ ብሔርና አድራሻ አልነበረም። ሦስቱን ለሕዝብ ያቀረበችው የእትዬ ጠበቃ ናት። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ዐዋጁ በታወጀ በቀናት ውስጥ በአዲስ አበባ የሚካሄደው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ባስታወቀበት ሰሞን፣ አንዲት አሮጊት ማን እንደሆኑና የት ሰፈር እንደሚያድሩ የሚገልጽ መረጃ የወጣው ከሚወዷቸው ሰዎች እጅ ነው። ዘመድ ዘመዱን በአደባባይ ሲገሥጽ ሁልጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። ባዕድ ሲከራከር ሐሳቡን ብቻ ይዞ ይመጣል። ዘመድ ግን የክርክሩ ኃይል ያለው ዝምድናው ላይ ስለሆነ፣ «እናትህ»፣ «አባትህ የሠራበት መሥሪያ ቤት»፣ «የሚስትህ ወገኖች» እያለ የቤቱን መዝገብ አንድ በአንድ ገልጦ ያነባል። ተመልካቹ ደግሞ አንድም ገጽ አያመልጠውም።

ሌላም አለ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አሠራሩን ሲቀይር፣ ሰዎች ተነጋግረው አስተያየት የሚለዋወጡበትን ጽሑፍ፣ በተለይም ከወዳጅና ከቤተሰብ የሚመጣውን፣ ወደ ላይ እንደሚያወጣ በይፋ አስታውቆ ነበር። ሐሳቡ ሲነገር ያማረ ነው። በተግባር ግን ማሽኑ ተግሣጽን ከምርቃት አይለይም። እኔና እህቴ ልጁን ዝም ልናሰኝ በጻፍነው በእያንዳንዱ መስመር ጽሑፉን ወደማያየው ሰው ዐይን እየገፋነው ነበር። በማግስቱ ጎረቤት፣ የቀበሌ ሰው፣ የልጁ የሥራ ባልደረባ፣ ካናዳ ያለ የሩቅ ዘመድ ሁሉ አይቶታል። ብዙዎቹ የደረሱበት በእኛ በኩል ነው።

ይህን ስል ከሚነሡብኝ ተቃውሞዎች አንዱ ከባድ ነው፤ በአደባባይ የተነገረ ስሕተት በአደባባይ ካልታረመ ዝም ያለው ሁሉ እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል። እቀበለዋለሁ፤ ለዜጋ። የአክስትህ ልጅ የጻፈውን ሐሳብ የምትቃወም ከሆነ በራስህ ስም፣ በራስህ ገጽ፣ እሱን ሳትጠራና ዝምድናህን ሳትመዝዝ ሐሳቡን ተቃወም። ሐሳቡ እንደማንኛውም ሐሳብ ይመለስለታል። እንደ ዘመድ የሚነገረው ግን ሌላ ቦታ አለው፤ በር የሚዘጋበት ቦታ።

«አጥፋው» የሚለው ወገን ደግሞ አንድ ነገር ይዘነጋል። ጽሑፉ በታየ በሰዓቱ በሰው ስልክ ፎቶ ተነሥቷል። ከዚያ በኋላ ማጥፋት መረጃውን አያስቀርም፤ የሚያስቀረው የጸሐፊውን ክብር ብቻ ነው። ተሸንፎ ያጠፋ ሰው ሐሳቡን አልለወጠም፤ ቤቱን ግን ጠላቱ አድርጎ ይዞታል፤ ቀጣዩን ጽሑፍ የሚጽፈውም በዚህ ቂም ነው።

በእኛ ቤት ነገሩ የተያዘው በአጎቴ ነው። ማለዳ ደውለው «አንተም?» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ ለእህቴ ደወሉ። ያዘዟት ልጁን እንድትታረቅ አልነበረም፤ የራሷን አስተያየት እንድታነሣ ነው። አንድ አስተያየት ሲነሣ ከሥሩ የተንጠለጠሉት መልሶች አብረውት ይጠፋሉና የዚያ ሰው ጥያቄም አብሮ ሄደ። ልጁን ጽሑፉን አጥፋ አላሉትም። ከወዳጆቹ በቀር ሌላ ሰው እንዳያየው እንዲገድበው ብቻ ጠየቁት። አድርጎታል፤ ሐሳቡን እንዲክድ ስላልተጠየቀ ነው ያደረገው።

ቀጥሎ የመጡት ጡረታ የወጡ የሰፈር አዛውንት ናቸው፤ ለረጅም ዘመን የእድር ዳኛ የነበሩ። ዛሬ ዛሬ ሽምግልና የምንለው በቴሌግራም የቤተሰብ ቡድን ውስጥ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ መጮኽ ሆኗል። የአባቶች ሽምግልና ዋና ጥበብ ግን የተጣሉትን ቶሎ ፊት ለፊት አለማገናኘት ነበር። ሽማግሌው አንዱን ወገን ለብቻው ይሰማል፤ ቃሉን ለሌላው ሲያደርስ እሾሁን ነቅሎ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙት የሚባባሉት ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለጭብጨባ ሲል ራሱን የሚያጠነክር ተመልካች እንዳይኖር ነው።

አዛውንቱ ልጁን ቤታቸው ጠርተው ትክክል ነህ ወይም ተሳስተሃል አላሉትም። «ስትጽፍ ማን ነበር በዐይንህ የነበረው?» ብለው ጠየቁት። የአባቱ እህት ደሴ ነበረች። ከተማዋ ከተያዘች ጀምሮ ስልኳ አይነሣም፤ በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም። ዝም አሉ ብሎ የተቆጣው በመሥሪያ ቤቱ ስለ ደሴ ሲያወራ ፊታቸውን በሚያዞሩ ባልደረቦቹ ላይ ነበር። ወደ እትዬ ሲሄዱ ደግሞ እትዬ የወንድሞቻቸውን ድምፅ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አልሰሙም። ዝም ያሉትም የሚናገሩት ሁሉ በልጁ ላይ እንዳይመጣ ፈርተው ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው፣ ሁለት ሰዎች በየሌሊቱ የማይነሣ ስልክ ይደውሉ ነበር። እኔ በሦስት ነጥብ ካብራራሁት ጉዳይ ውስጥ ይህ አልነበረም።

ሲገናኙ እኔ አልነበርሁም፤ መኖርም አልነበረብኝም። አጎቴ የነገሩኝን ልንገራችሁ። ልጁ ጉልበታቸውን ሳመ። እትዬም «ሐሳብህን ለራስህ ያዘው፤ ዝምታዬን ግን መጠየቅ ስትችል ለምን ለሰው ነገርኸው?» አሉት። ለዚህ መልስ አልነበረውም። በዚያ ቤት ከዚያ በኋላ ፖለቲካ አልተከለከለም። የተከለከለው ስለ ቤቱ ሰው ለውጭ ሰው መጻፍ ብቻ ነው፤ ለመከላከልም ቢሆን።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ለሐሳብ ነው። ዘመድህ የጻፈው የአንድን ሰው ስም፣ ፎቶና መኖሪያ ይዞ የሚወነጅል ከሆነ ሽምግልና የለም፤ በዚያች ደቂቃ መጥፋት አለበት፤ እምቢ ካለም የገዛ ዘመዱ ለድርጅቱም ለሕግም ማመልከት አለበት። እንዲህ ያለውን «የቤት ገመና» ብሎ የሚሸፍን ቤተሰብ ተባባሪ ነው። በዚያው ሳምንት፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውንና ፎቷቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ከተሠራጩ በኋላ በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለድርጅቱ ቢያመለክትም በጊዜው ሰሚ እንዳላገኘ ገልጾ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። የዚያን ዜና ሳነብ ያስታወስሁት የእህቴን አስተያየት ነበር። የእሷ ከፍቅር ነው፤ የእነዚያ ከጥላቻ። ለሚያነበው እንግዳ ግን ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ የሚለው ያው ነው።

ደሴ በኅዳር መጨረሻ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰች፤ የልጁ አክስት ስልክም ከዚያ በኋላ ተነሣ፤ ደኅና ነበረች። የመቀሌው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። እትዬ ከሦስት ወንድሞቻቸው የሁለቱን ድምፅ ሰሙ። የሦስተኛውን ለቅሶ አየር ጤና ላይ ስንቀመጥ ወንበር ሲያመላልስ የዋለው ልጁ ነው። ስለ ጦርነቱ ያለው አቋም አሁንም ያው ነው፤ እትዬም አልተቀበሉትም፤ ቡና ላይ ሲነሣ ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም ተኳርፈው ይነሣሉ።

የእኔን አስተያየት ያነሣሁት ከሁሉም በኋላ፣ ከሳምንት ቆይታ በኋላ ነው። ዘጠናው ላይክ አሳዝኖኝ ነበር።